የፈተና ሰሞን እንቅልፍ

የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ ስከታተል፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያጠናሁት ጠዋት ይጠፋብኝ ነበር። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ተኝተን ሳለ፣ በተለይ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ደጋግሞ እያነሳው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም አልባ ቃላት አስጠንተው ነበር፤ ተማሪዎቹ ተኝተው ሲነሱ የሚያስታውሱት፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ሲቆዩ ከሚያስታውሱት በእጅጉ በለጠ።

እኔም ፕሮግራሜን ቀየርኩ። ራት 1 ሰዓት ላይ፣ ጥናት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ እንቅልፍ ከ5 እስከ 12 ሰዓት። መሃል ላይ ሞባይሌን ትቼ ለ10 ደቂቃ ግቢ ውስጥ እንሸራሸራለሁ፤ የደከመው ትኩረቴ ይመለሳል፣ ባነበብኩትም ላይ ሌላ ወሬ አይደረብበትም። ጠዋት ቁርሴን በልቼ (ባዶ ሆድ ሃሳብ ይበትናል) ደብተር ሳልገልጥ የማታውን ስሌት ወረቀት ላይ እሠራለሁ። የጠፋኝን ብቻ እከልሳለሁ። ማታ ያልገባኝ ግን ጠዋትም አይገባኝም፤ እሱን መምህሬን እጠይቃለሁ።