94 ላይ የሚቆም ፋይበር

ለ1 ጊጋቢት ፋይበር በየወሩ የሚከፍል ሰው የፍጥነት መለኪያውን ሲከፍት 94 ሜጋቢት ቢያይ መናደዱ አይቀርም። ከመናደዱ በፊት ግን ቁጥሩን ልብ ብሎ ቢያየው ይጠቅመዋል። የተጨናነቀ መስመር አንድ ቁጥር ላይ አይጸናም፤ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይወርዳል፣ ሲነጋጋ ይወጣል፣ አንዴ 310 ሌላ ጊዜ 620 ያሳያል። ጠዋትም ማታም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም 93 ወይም 94 ላይ ተተክሎ የሚቀር ቁጥር ግን ምንጩ ሌላ ነው። በፋይበሩና በኮምፒውተሩ መካከል አንድ ቦታ ላይ በ100 ሜጋቢት ብቻ የሚሠራ ፖርት፣ ስዊች ወይም ኬብል አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

100 ሳይሆን 94 የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። መረጃ በኬብል ላይ የሚጓዘው እየተቆራረጠ፣ በፓኬት በፓኬት ነው። አንድ ሙሉ ፓኬት በሽቦው ላይ የ1538 ባይት ቦታ ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ የምናወርደው ፋይል ድርሻ 1448 ባይት ገደማ ነው። የቀረው ለአድራሻ፣ ለስህተት መቆጣጠሪያና በፓኬትና በፓኬት መካከል ለሚተው ክፍተት ይውላል። 1448 ለ1538 ሲካፈል ከመቶ 94 ይሆናል። በዚሁ ሒሳብ ሙሉ ጤነኛ የሆነ የ1 ጊጋቢት መስመር 940 ገደማ ያሳያል። ስለዚህ 940 የሚጠበቅበት ቦታ 94 ሲመጣ፣ የጠፋው ፍጥነት በትክክል ከአሥር ዘጠኙ እጅ ነው።

ይህ የ100 ሜጋቢት ደረጃ፣ ፋስት ኢተርኔት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው። በተራ የመዳብ ኬብል ጊጋቢት የሚያስኬደው ደረጃ ደግሞ በ1999 ተከተለ። ሁለተኛው ከወጣ ይህን ያህል ዘመን ቢቆጠርም የመጀመሪያው ከገበያ አልወጣም። በርካሽ ራውተሮች፣ በብዙ ቴሌቪዥኖች፣ በትናንሽ የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚዎች ዛሬም ይገጠማል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው አይጎዳም፤ እጅግ ጥራት ያለው ፊልም እንኳ ከ25 ሜጋቢት ብዙም አይፈልግም። ችግር የሚሆነው ሌሎች መሣሪያዎች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ሲገኝ ነው።

ጉዳቱ ድምፅ አልባ የሆነው መሣሪያዎቹ ስለሚስማሙ ነው። ኬብል በሁለት ፖርቶች መካከል ሲሰካ፣ ሁለቱ ፖርቶች የሚችሉትን ፍጥነት ይነጋገሩና ሁለቱም የሚችሉትን ትልቁን ይመርጣሉ። አንዱ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ሌላው አማርኛ ብቻ ቢችሉ ጨዋታው በአማርኛ እንደሚሆን ሁሉ፣ ባለ 1000ው ፖርት ከባለ 100ው ጋር ሲገናኝ በ100 ይሠራል። መብራቱ ይበራል፣ ገጾች ይከፈታሉ፣ የቪዲዮ ጥሪው ጥርት ብሎ ይታያል። የስህተት መልእክት የለም፤ ከመሣሪያው አንጻር ስህተት የለምና። ልዩነቱ የሚታወቀው ከባድ ነገር ሲወርድ ብቻ ነው፦ 50 ጊጋባይት የሚመዝን ጨዋታ በ940 ሜጋቢት ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ፣ በ94 ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት የሆነው ነገሩን ከነውስብስቡ ያሳያል። ፋይበሩ የሚገባው ከምድር ቤት ነው። እዚያ የብርሃኑን ምልክት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሣጥን አለ፤ ከሱ በኬብል ወደ ሳሎኑ ራውተር፣ ከራውተሩ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይኛው ፎቅ ይሄዳል። ላይ፣ የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲያወጣ ያገኛት ባለ አምስት ፖርት ስዊች ነበረች፤ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ እሷ ላይ ተሰክተዋል። ኮምፒውተሩ ሲለካ ማውረጃውም መጫኛውም 94 ነው። የድርጅቱ ቴክኒሻን መጥቶ ምድር ቤት ሣጥኑ ላይ ለካና 940 አገኘ፤ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ሄደ። ወዳጄ ተቆጣ። ቴክኒሻኑ ግን ልክ ነበር፤ ወዳጄም ልክ ነበር። የለኩት የተለያየ ቦታ ላይ ነው።

ፍንጩን የሰጠው ስልኩ ነው። ሳሎን ራውተሩ አጠገብ ቆሞ በዋይፋይ ሲለካ ከ500 በላይ አሳየ። ገመድ አልባው ከባለ ገመዱ አምስት እጥፍ ሲፈጥን፣ መሰናክሉ ከራውተሩ በኋላ ባለው ገመድ ላይ እንደሆነ መጠርጠር ይቻላል። ስልኩም ራውተሩ አጠገብ 94 ላይ ቢቆም ኖሮ፣ የምንጠረጥረው ራውተሩን ራሱን፣ በተለይ ፋይበሩ የሚገባበትን ፖርት፣ ወይም ከሣጥኑ ወደ ራውተሩ የመጣውን ኬብል ይሆን ነበር።

ስዊቿን ገልብጦ ቢያይ ከሥሯ 10/100 ይላል። ጊጋቢት የሆነ ስዊች 10/100/1000 ይል ነበር። ጥፋተኛዋ ተገኘች ብሎ በ20 ዶላር አዲስ ገዛና ቀየራት። ማታ ደወለልኝ።

«ስማማ ወንድሜ፣ ስዊቹን ቀየርኩት፣ ያው 94 ነው! ብሬን በላሁ።»

«ስዊቹን እለፈው። ላፕቶፑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካና ምን እንደሚል ንገረኝ።»

እዚያም 100 አለ። ላፕቶፑን ሳሎን አውርዶ በአጭር ኬብል ራውተሩ ላይ ሲሰካው 1000 ሆነ፣ መለኪያውም 938 አሳየ። እንግዲህ የቀረው በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ኬብልና ጫፎቹ ናቸው። የላይኛውን ሶኬት ሽፋን ፈትቶ ሲያይ፣ አንዷ ቡናማ ሽቦ ከመያዣዋ ወጥታ ተንጠልጥላለች።

አንዲት ሽቦ ይህን ማድረጓ የሚገርመው ካለ፣ መልሱ ኬብሉ ውስጥ ነው። የኔትወርክ ኬብል ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ ይዟል። የ100 ሜጋቢቱ ሥርዓት የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንድ፣ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ብቻ ነው፤ ሰማያዊውና ቡናማው ሥራ ፈት ሆነው ይቀመጣሉ። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ቢቆረጥ ብዙ መሣሪያዎች ጊጋቢቱን ሞክረው ሲያቅታቸው ወደ 100 ዝቅ ይላሉ እንጂ ግንኙነቱን አያቋርጡም። ዕድሜ ልኩን 100 ብቻ ሲያስኬድ በኖረ ኬብል ላይ ያ ሽቦ ተነቅሎ ለዓመታት ቢቆይ ማንም አያውቅም። አሮጌዋ ስዊች በወዳጄ ቤት ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ እሷ እያለች የሽቦው ጉድለት ሊታይ አይችልም ነበር። አንዳንድ ሠራተኞች ኬብል ለመቆጠብ አንዱን ኬብል ለሁለት ከፍለው፣ ሁለት ጥንድ ለአንዱ ክፍል፣ ሁለት ጥንድ ለሌላው ይሰጡ ነበር። እንዲህ የተዘረጋ ቤት ምን ዓይነት ውድ ራውተር ቢገባበት ከ100 አያልፍም።

ወዳጄ ሽቦዋን ቦታዋ መልሶ ሲሰካ ቁጥሩ 941 ሆነ። አሮጌዋን ስዊች መልሶ ቢያስገባት ኖሮ እንደገና 94 ይሆን ነበር። እኔ ከዚህ የምይዘው አንድ የአሠራር ሥርዓት ነው፦ አንድ ዕቃ ቀይሮ ለውጥ ያላየ ሰው ዕቃው ንጹሕ ነበር ብሎ አይደምድም። እያንዳንዱን መገናኛ ለየብቻው ይመርምር፤ ከፋይበሩ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተሩ፣ በአንድ ላፕቶፕና ጤንነቱ በተረጋገጠ አንድ አጭር ኬብል። የላፕቶፑ ፖርት ራሱ ጊጋቢት መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ርካሽ የዩኤስቢ አስማሚ ከሆነ ሁሉንም ቦታ 100 ነው እያለ ያሳስታል።

ለዚህ ምርመራ የፍጥነት መለኪያ ገጽ እንኳ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ Settings፣ ከዚያ Network & internet፣ ከዚያ Ethernet ሲከፈት Link speed የሚል መስመር አለ። 100/100 (Mbps) ካለ ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ነገር ጋር የተስማማው በ100 ነው፤ 1000/1000 ካለ ያ መገናኛ ደህና ነው። በፓወርሼል ይህችን መጻፍም ይበቃል፦

```
Get-NetAdapter
```

ይህ የሚነግረን ግን ስለ መጀመሪያው መገናኛ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከአዲስ ስዊች ጋር በ1000 ተስማምቶ፣ ስዊቹ ደግሞ ከራውተሩ ጋር በ100 ሊገናኝ ይችላል። Link speed 1000 እያለ መለኪያው 94 ላይ ከቆመ፣ መሰናክሉ ወደፊት አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ብዙ ስዊቾች በመብራታቸው ቀለም ፍጥነቱን ያሳያሉ፤ ቀለሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ግን መመሪያውን ማየት ይሻላል።

በዕቃ ሻጮችና በአምራቾች ላይ ያለኝን ቅሬታ ሳልናገር አላልፍም። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋይፋዩ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 የተባለው ራውተር ኤሲ1200 ተብሎ ይሸጣል፤ 1200 ሜጋቢት የሚያሰጥ ይመስላል፤ የኬብል ፖርቶቹ ግን፣ ፋይበሩ የሚገባበት ጭምር፣ ባለ 100 ናቸው። በጓዳው ውስጥ ዋይፋዩ ምንም ያህል ቢፈጥን ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት ከ94 አያልፍም። ይህ ቁጥር ገዢው ሊያየው በሚችል ፊደል ካርቶኑ ፊት ላይ መጻፍ ነበረበት። የዚያው ኩባንያ ትናንሽ ስዊቾችም መልካቸው ይመሳሰላል፤ የሚለያቸው የሞዴሉ ስም ነው፦ በቲኤል-ኤስኤፍ የሚጀምሩት ባለ 100፣ በቲኤል-ኤስጂ የሚጀምሩት ጊጋቢት ናቸው።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት ዕቃ የምትልኩም ሆነ መርካቶ ወርዳችሁ የምትገዙ፣ ካርቶኑን አዙራችሁ ከፖርቶቹ አጠገብ 10/100/1000 ወይም ጊጋቢት የሚል ካላገኛችሁ አትግዙ። ኬብል አዲስ ሲዘረጋም ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን፣ ስምንቱም ሽቦዎች ይታሰሩ፣ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊትም ላፕቶፕ ተሰክቶ 1000 ማለቱ ይታይ። የኢንተርኔት ጥቅላችሁ ከ100 ሜጋቢት በታች ከሆነና በኮምፒውተሮቻችሁ መካከል ትላልቅ ፋይሎችን የማታመላልሱ ከሆነ ግን አሮጌውን ስዊች ተዉት፤ ምንም አይቀንስባችሁም።