«82,50 $» ስንት ነው? ከጅቡቲ የመጣን የዋጋ ዝርዝር ወደ እውነተኛ ቁጥር መለወጥ

ጅቡቲ ያለ ገዥ የሚልከው የዋጋ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ በፈረንሳይኛ የአጻጻፍ ልማድ ይዘጋጃል። በዚህ ልማድ ኮማ ሳንቲሙን ከዶላሩ ይለያል፤ ሺሁን የሚለየው ባዶ ቦታ ነው፤ የገንዘቡ ምልክትም ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም የሚጻፈው «1 180,50 $» ተብሎ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ ግን ኮማ የሺህ መለያ ነው። ከሞያሌ ማዶ የሚመጣ ዝርዝር ላይ «45,000/=» የሚል ቢኖር አርባ አምስት ሺህ ሽልንግ ማለት ነው። አንዱ ኮማ በሁለቱ ድንበሮች ሁለት ሥራ ይሠራል።

ሰው ዝርዝሩን በዓይኑ ሲያነብ ይህ ብዙም አያሳስትም፤ የፍየል ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ «82,50 $» ስምንት ሺህ ዶላር እንዳልሆነ ያውቃል። ኤክሴል ግን የፍየል ዋጋ አያውቅም። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ «1 180,50 $» ለእሱ ቁጥር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ቃል ጽሑፍ ነው።

የሚከተለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው። በአምድ A የእንስሳው ዓይነት፣ በ B ብዛቱ፣ በ C የአንዱ ዋጋ፣ በ D የረድፉ ድምር አለ።

```
     A      B    C            D
2    ፍየል   40   82,50 $      3 300,00 $
3    በግ    60   96,75 $      5 805,00 $
4    ግመል   8    1 180,50 $   9 444,00 $
```

ትክክለኛው ጠቅላላ ድምር 18,549 ዶላር ነው። የ C እና የ D አምዶች ጽሑፍ ሆነው ከገቡ ግን `=SUM(D2:D4)` የሚያሳየው 0 ነው። SUM ጽሑፍ ሲያጋጥመው ስህተት አያወጣም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዜሮ ከታየ ችግሩ ወዲያው ይታወቃል። ጉዳት የሚመጣው ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ጸሐፊው የፍየሉንና የበጉን ረድፍ በእጁ እንደገና ጽፎ የግመሉን ሳይነካው ቢቀር ድምሩ 9,105 ዶላር ይሆናል። ይህ ለዓይን የሚያጠራጥር ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ስምንቱ ግመሎች ከነ 9,444 ዶላራቸው ከሂሳቡ ወጥተዋል።

ጽሑፍ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ ምልክት አቀማመጡ ነው፤ ሳጥኑ በእጅ ካልተስተካከለ በቀር ጽሑፍ ወደ ግራ፣ ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል። እርግጠኛው መንገድ ግን መቁጠር ነው። `=COUNTA(D2:D4)` ባዶ ያልሆኑትን ሳጥኖች ሁሉ ይቆጥራል፤ `=COUNT(D2:D4)` ደግሞ ቁጥር የሆኑትን ብቻ። ሁለቱ ካልተስማሙ ልዩነቱ ያህል ረድፍ ከድምሩ ውጭ ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮማውን ከሁሉም ሳጥን ማጥፋት ነው። ይህ ለኬንያው ዝርዝር ይሠራል፤ ለጅቡቲው ግን 82,50ን 8250 ያደርገዋል። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ «ዝርዝሩን የጻፈው ማን ነው?» የሚለው ነው። የኮማው ትርጉም የሚወሰነው ለሙሉ ዝርዝሩ አንድ ጊዜ፣ ከላኪው ልማድ ተነስቶ እንጂ ሳጥን በሳጥን በግምት አይደለም።

ሥራው በሁለት ባዶ አምዶች ይከናወናል፤ ዋናው አምድ C አይነካም። በመጀመሪያው አምድ፣ በ E፣ የገንዘቡ ምልክትና የማይታዩት ባዶ ቦታዎች ይወገዳሉ።

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(C2,"$",""),UNICHAR(160),""),UNICHAR(8239),"")
```

ሁለቱ UNICHAR ያስፈለጉበት ምክንያት አለ። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ በ 1 እና በ 180 መካከል ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ በቁልፍ ሰሌዳው የሚመታው ተራ ባዶ ቦታ አይደለም። ቁጥሩ በመስመር መጨረሻ ለሁለት እንዳይከፈል የሚያደርግ ሌላ ምልክት ነው፤ ቁጥሩም 160 ወይም 8239 ነው። ለዓይን ከተራው ባዶ ቦታ አይለይም። ተራውን የሚያጠፋ ቀመር ግን ይህን አያጠፋም። በአንድ ዝርዝር ትንንሾቹ ዋጋዎች ተለውጠው ከአንድ ሺህ በላይ ያሉት ብቻ እምቢ ካሉ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ በምሳሌው ፍየልና በግ ያልፋሉ፣ ግመል ይቀራል።

በሁለተኛው አምድ፣ በ F፣ የጸዳው ጽሑፍ ቁጥር ይሆናል።

```
=IF(ISNUMBER(C2),C2,IF(TRIM(E2)="","",NUMBERVALUE(E2,","," ")))
```

እዚህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው NUMBERVALUE ነው። ከኤክሴል 2013 ጀምሮ አለ፤ በሊብሬኦፊስም ይገኛል። ጥቅሙ ኮምፒውተሩ በየትኛውም አጻጻፍ ቢስተካከል የኮማውን ሥራ ከቀመሩ ላይ ማንበቡ ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው `","` የሳንቲም መለያው፣ ቀጥሎ ያለው `" "` የሺህ መለያው ነው። ለኬንያው ዝርዝር በ E አምድ `"$"` በ `"/="` ይተካል፣ በ F ደግሞ ቦታቸው ይለወጣል፤ `NUMBERVALUE(E2,".",",")` ይሆናል። ኮምፒውተሩ ራሱ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ከተስተካከለ በቀመሩ ክፍሎች መካከል በኮማ ፈንታ `;` ይገባል።

ከፊት ያሉት ሁለቱ IF ጌጥ አይደሉም። የመጀመሪያው አስቀድሞ ቁጥር የሆነውን ሳጥን ሳይነካ ያሳልፋል። ያለ እሱ፣ በእጅ የተጻፈ 82.5 በ SUBSTITUTE በኩል ሲያልፍ ተመልሶ ጽሑፍ ይሆናል፤ ቀመሩ ላይ ነጥብ የሺህ መለያ ተብሎ ከተሰጠ ደግሞ ነጥቡ ተውጦ 825 ይሆናል። ሁለተኛው IF ባዶ ሳጥንን ባዶ አድርጎ ይተዋል። NUMBERVALUE ባዶ ጽሑፍ ሲሰጠው ስህተት ሳይሆን 0 ስለሚመልስ፣ ገዥው ገና ዋጋ ያልሰጠባቸው እንስሳት በዜሮ ዶላር ተቆጥረው አማካይ ዋጋውን ወደ ታች ይጎትቱታል።

NUMBERVALUE በሌለበት ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ እስከተስተካከለ ድረስ፣ ይህ ይተካዋል፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(E2," ",""),",","."))
```

የገንዘብ ምልክቱን ማጥፋት የራሱ አደጋ አለው፤ ምልክቱ ሲጠፋ የገንዘቡ ዓይነትም አብሮ ይጠፋል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ረድፍ በዶላር፣ ሌላው በጅቡቲ ፍራንክ ሊሆን ይችላል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ 177.721 ተመን የታሰረ ስለሆነ «14 662 FDJ» እና «82,50 $» ተመሳሳይ ዋጋ ናቸው። ሁሉንም ፊደልና ምልክት አጥፍቶ ቁጥሩን ብቻ የሚያስቀር ሰው ግን በአንድ ፍየል ላይ 14,662 ዶላር ይጽፋል። ከላይ ያለው ቀመር `"$"` ብቻ የሚያጠፋው ለዚህ ነው። FDJ ያለበት ረድፍ `#VALUE!` ያወጣል፤ ይህም እንዲታይ የሚፈለግ ስህተት ነው። እንዲህ ያለው ረድፍ ለብቻው ይወሰድና በ E ላይ `"$"` በ `"FDJ"` ተተክቶ፣ የተገኘው ቁጥር ለ 177.721 ይካፈላል። SUBSTITUTE ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለይ «Fdj» ተብሎ ከተጻፈ በቀመሩም እንደዚያው ይጻፋል። `#VALUE!` እንዳይታይ በ IFERROR መሸፈን ግን የጠፋውን ግመል እንደገና መደበቅ ነው።

ቀመሩ ሊያድነው የማይችለው አንድ ጉዳት አለ። ከኮማ በኋላ ልክ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ያለ ምንም ምልክት በእንግሊዝኛ ወደተስተካከለ ኤክሴል ሲለጠፍ፣ ኮማው የሺህ መለያ ተደርጎ በዝምታ ይነበባል። አርባዎቹ ፍየሎች በአማካይ 31.5 ኪሎ ቢመዝኑ ጠቅላላ ክብደታቸው 1,260 ኪሎ ነው፤ ገዥው በቶን «1,260» ብሎ ይጽፈዋል። ኤክሴል ይህን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ቶን ያደርገዋል። የኪሎ ዋጋው «2,619» ከሆነም ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ይሆናል። ሳጥኑ አሁን እውነተኛ ቁጥር ስለያዘ ISNUMBER ያሳልፈዋል፣ COUNTም ይቆጥረዋል። መከላከያው ከመለጠፍ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚለጠፍባቸው አምዶች በቅድሚያ በ Format Cells ውስጥ Text ይደረጋሉ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ያለ ቅርጹ ጽሑፉ ብቻ ይለጠፋል። ቁጥር የሚሆነው በቀመሩ ብቻ ነው።

ለውጡ ሲያልቅ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ `=COUNT(F2:F4)` ዋጋ ካላቸው ረድፎች ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አምድ D በተመሳሳይ ቀመር ወደ አምድ G ይለወጥና `=B2*F2-G2` በየረድፉ 0 መስጠት አለበት፤ ለግመሉ 8 ጊዜ 1,180.50፣ 9,444 ይሆናል። ይህ የጠፋ አሃዝንና በአንድ ረድፍ ብቻ የተሳሳተ ንባብን ያጋልጣል። ነገር ግን ኮማው በ C እና በ D ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ተነብቦ ከሆነ ምንም አያሳይም፤ 40 ጊዜ 8,250 ልክ 330,000 ስለሆነ ልዩነቱ አሁንም 0 ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ፍተሻ ከኮምፒውተሩ ውጭ ያለ ነው፤ ከየእንስሳው ዓይነት አንድ ዋጋ ተወስዶ በዚያ ሳምንት በገበያ ከሚታወቀው ጋር ይነጻጸራል። 8,250 ዶላር የሚያወጣ ፍየል እንደሌለ ነጋዴው ለማወቅ ቀመር አያስፈልገውም።

ሁሉም ከተስማማ አምድ F ተቀድቶ በ Paste Values ቁጥሩ ብቻ ይለጠፋል፤ የገንዘቡ ዓይነት ደግሞ በራሱ አምድ USD ወይም DJF ተብሎ ይጻፋል። የዶላር ምልክቱ እንዲታይ ከተፈለገ በሳጥኑ የቁጥር አቀራረብ በኩል ይጨመራል፤ በእጅ ከቁጥሩ ጎን ከተጻፈ ያ ሳጥን እንደገና ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አምድ C ሳይሰረዝ ይቆያል፤ ክፍያ ላይ ክርክር ቢነሳ ገዥው የጻፈው ምን እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።