መልሱን ከማስረከባችሁ በፊት

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ፣ በሊኒየር አልጀብራ ፈተና አይገንቫልዩ ስትፈልጉ ቀመሩን በትክክል ጽፋችሁ መደመርና መቀነስ ላይ የምትሳሳቱት ብዙ ናችሁ። ያንን ስህተት ግን ራሳችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያ ረድፉ 4 እና 1፣ ሁለተኛው 2 እና 3 የሆነ ማትሪክስ እንውሰድ። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው ሰያፍ ላይ ያሉት 4 እና 3 ሲደመሩ 7 ናቸው፤ ዲተርሚናንቱ ደግሞ 12 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 10 ነው። ስለዚህ የአይገንቫልዩዎቹ ድምር 7፣ ብዜታቸው 10 መሆን አለበት። 6 እና 1 ያገኘ ተማሪ ድምሩ ልክ መጣልኝ ብሎ ይረጋጋል፤ ብዜቱን ቢያይ ግን 6 ነው። ትክክለኛዎቹ 5 እና 2 ናቸው።

ሦስት በሦስት በሆነ ማትሪክስ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም። 1፣ 6፣ 6 ብትሉም 2፣ 2፣ 9 ብትሉም ድምሩ 13፣ ብዜቱ 36 ነው። እኔ ይበልጥ የማምነው ቬክተሩን በማትሪክሱ ማባዛትን ነው። በምሳሌያችን (1, 1) ሲባዛ (5, 5) ይወጣል፤ ልክ 5 እጥፉ ነው። (1, −1) ብትሞክሩ (3, −1) ይሰጣችኋል፤ እጥፉ ስላልሆነ አይገንቬክተር አይደለም።

አደራ፣ ዜሮ ቬክተር ይህን ማጣሪያ ሁልጊዜ ያልፋል፤ አይገንቬክተር ግን አይባልም። እኩልታዎቹን ፈትታችሁ ከዜሮ በቀር ሌላ መልስ ካጣችሁ፣ ወይ አይገንቫልዩው ወይ ረድፎቹን ስታቀናንሱ የሠራችሁት ስሌት ተሳስቷልና ከድምሩና ከብዜቱ ጀምራችሁ እንደገና እዩት።