ለሐኪም የሚነበብ ግማሽ ገጽ

አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ የ34 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ለምሳሌ እንውሰድ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ሄዳለች። መጀመሪያ «ራሴን ያመኛል» አለች፤ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። ቀጥላ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» አለች፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳት፣ ሳታስበው እንባዋ እንደሚመጣ ግን አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

ሴትዮዋ አልዋሸችም። ድባቴና ጭንቀት ራስ ምታት፣ የልብ ምት፣ ማቃጠልና ድካም ሆነው ይመጣሉ፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚይዘው መጀመሪያ የሰማውን ነው። «ይደብረኛል»፣ «ይጨንቀኛል» ማለት ብቻውንም ሩቅ አያስኬድም። ፈተና የደረሰበት ተማሪም፣ ለወራት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰውም የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው።

ሁለቱን የሚለየው፣ ነገሩ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ምን እንዳስተጓጎለ ነው። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያም የተፈተሸው «ፒ ኤች ኪው 9» የተባለ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፤ ለእያንዳንዱ ችግር በጭራሽ ከሆነ 0፣ አንዳንድ ቀን ከሆነ 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሆነ 3 ይሰጣል። ድምሩ ብቻውን በሽታውን አይወስንም። ቀኖቹን አስቀድሞ የቆጠረ ሰው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማስታወስ አይቸገርም።

ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ ከመሄዷ በፊት ግማሽ ገጽ ጻፈች። መነሻውን በወር ቁጥር ማስታወስ ሲያቅታት በበዓል ያዘችው፦ «ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ»። ቀጥሎ እንቅልፏን አሰፈረች፦ «በ4 ሰዓት እተኛለሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃና እስኪነጋ አልተኛም። ከ14 ቀን 10 ቀን እንዲህ ነበር።» ይህ ጠቃሚ ነው፤ ጭንቀት ብዙ ጊዜ መተኛትን ሲከለክል፣ በድባቴ ጊዜ ደግሞ ያለሰዓቱ መንቃት የተለመደ ነውና። ሦስተኛው መስመር የተወችውን ነገር ይናገራል፦ «ቡና ሲጠሩኝ አልሄድም። ሥራ ላይ አንዱን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ አያለሁ።» ስለ ጭንቀቱም፣ ምን እንደሚያስጨንቃት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ማቆም እንደማትችልና ያኔ ልቧ እንደሚመታ ጨመረች።

ከዚያ በታች ሰው የሚደብቃቸው ነገሮች ይመጣሉ። የሚወሰድ መድኃኒት፣ ጫት፣ መጠጥ፣ በቀን ስንት ሲኒ ቡና፣ ጸበል ከተገባም እሱ፣ ሳይሸሸጉ መጻፍ አለባቸው። ጫትና ቡና እንቅልፍንና የልብ ምትን ይነካሉ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ድካም ያለመሰማት፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ቁጡነት፣ ገንዘብ መበተን ተከስቶ ከሆነም መነገር አለበት። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ላለው ሰው ለድባቴ የሚታዘዝ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ያንን ሁኔታ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሌላ ሕክምና ይመርጣል።

ለመጻፍ የከበዳት የመጨረሻው መስመር ነበር፦ «አንዳንድ ሌሊት ባልነጋ እላለሁ። ራሴን ለመጉዳት ግን አላሰብኩም።» ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች መለየቷ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለው፣ በተለይም መንገዱን ያሰበበት ወይም መሣሪያውን ያዘጋጀ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ከሰው ጋር ሆኖ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ከቀረ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚያነሳው ሊወጣ ሲነሳ ነው፤ ያኔ ሰዓቱ አልቋል። ሴትዮዋ ገና ስትቀመጥ «ራሴን ያመኛል፤ የመጣሁት ግን በዋናነት ለዚህ ነው» ብላ ዘረጋችው። እህቷ አብራት ገብታ ነበርና፣ ስለ መጨረሻው መስመር ከሐኪሙ ጋር ለብቻዋ ለመነጋገር አምስት ደቂቃ ጠየቀች።

ሐኪሙ አነበበ፤ ስለ ሌሊቱ ደጋግሞ ጠየቃት። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አዘዘ፤ ለሁለት ሳምንት ቀጠረና ወረቀቱን መለሰላት። በጀርባው ላይ በየማለዳው የነቃችበትን ሰዓት እንድትጽፍ ነገራት።