ጡንቻ ሲያረጅ ፈጣን ክሮች ቀድመው የሚጎዱት ለምንድን ነው?

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ እንደሚመነምንና ኃይሉም እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ሁለቱ ለውጦች ግን በእኩል ፍጥነት አይጓዙም። በአሜሪካ ከ70 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች ለሦስት ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የብሬት ጉድፓስተርና የባልደረቦቹ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በጥናቱ ውስጥ የእግር ጡንቻ መጠን በዓመት 1 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ጉልበትን የሚዘረጋው ጡንቻ ኃይል ግን እንደ ጾታውና እንደ ቡድኑ በዓመት ከ2.6 እስከ 4.1 በመቶ ቀንሷል። የጡንቻ መጠናቸው ያልቀነሰ ወይም የጨመረ ተሳታፊዎችም ከኃይል መቀነስ አልዳኑም። ስለዚህ የጠፋው የጡንቻ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ፣ የጡንቻው አሠራርም እንደተለወጠ መረዳት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከዚህ ለውጥ አንዱን ክፍል፣ ማለትም የፈጣን ክሮችን ጉዳት በማብራራት ላይ ነው።

የሰው ጡንቻ በዋናነት ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። ዓይነት አንድ የሚባሉት ዘገምተኛ ክሮች በዝግታ ይኮማተራሉ፤ ድካምን ስለሚቋቋሙም ለመቆምና ለመራመድ ያገለግላሉ። ዓይነት ሁለት የሚባሉት ፈጣን ክሮች ደግሞ በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ያመነጫሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማሉ። ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተነሥቶ ለመቆም፣ ወይም እግር ሲደናቀፍ ሰውነትን ከመውደቅ ለማዳን የሚያስፈልገው በቅጽበት የሚወጣ ኃይል በአብዛኛው ከእነዚህ የሚገኝ ነው።

ያን ሌክሴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ መሠረታዊ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ ከ15 እስከ 83 ዓመት ዕድሜ ላይ ሳሉ ከሞቱ 43 ወንዶች የጭኑን ውጫዊ ጡንቻ ወስደው፣ ከትንሽ ናሙና ይልቅ የጡንቻውን ሙሉ አግድም ገጽ መረመሩ። በ20 እና በ80 ዓመት መካከል የገጹ ስፋት በአማካይ በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። የመቀነሱ ዋና ምክንያት የክሮች ቁጥር ማነስ ነበር፤ ከዚያ ባነሰ ደረጃ ደግሞ የክሮች መቅጠን። የቁጥሩ ማነስ ሁለቱንም ዓይነት የነካ ሲሆን፣ መቅጠኑ ግን በአብዛኛው በፈጣን ክሮች ላይ የታየ ነበር። እነዚህ ክሮች በ26 በመቶ ገደማ ሲቀጥኑ ዘገምተኞቹ መጠናቸውን ጠብቀው ቆይተዋል።

እዚህ ላይ «ፈጣን ክሮች ቀድመው ይጠፋሉ» የሚለው የተለመደ አባባል በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ለምሳሌ 50 ፈጣንና 50 ዘገምተኛ ክሮች ያሉበትን ናሙና እንውሰድ፤ ሁሉም መጀመሪያ ላይ እኩል ውፍረት ነበራቸው እንበል። ፈጣኖቹ በ26 በመቶ ቢቀጥኑ ስፋታቸው ከ50 ወደ 37 ይወርዳል፤ የናሙናው ጠቅላላ ስፋትም ከ100 ወደ 87 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የፈጣን ክሮች የስፋት ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 42.5 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም አንድም ፈጣን ክር አልጠፋም። በመሆኑም የቁጥር ድርሻንና የስፋት ድርሻን ሳይለይ የሚያቀርብ ጽሑፍ መቅጠንን እንደ መጥፋት አድርጎ ሊያስነብብ ይችላል። ፈጣን ክሮች ቀድመው መቅጠናቸው በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ ከዘገምተኞቹ ቀድመው ቁጥራቸው ማነሱ ግን በዚያ ጥናት አልታየም።

የክሮች ቁጥር ለምን እንደሚቀንስ ለመረዳት ከጡንቻው ወደ ኅብለ ሰረሰር መሻገር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ከኅብለ ሰረሰር በሚነሣ አንድ አንቀሳቃሽ ነርቭ ሕዋስ ይታዘዛል፤ አንድ ነርቭ ሕዋስና እርሱ የሚያዝዛቸው ክሮች በጋራ ሞተር ዩኒት ይባላሉ። ቶምሊንሰንና ኢርቪንግ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት የ47 ሰዎችን ኅብለ ሰረሰር መርምረው፣ ለእግር የሚያገለግሉት አንቀሳቃሽ ሕዋሳት እስከ 60 ዓመት ድረስ እንደማይጎድሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥራቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል።

ነርቭ ሕዋሱ የሞተበት ክር ወዲያውኑ አይጠፋም። በአጠገቡ ያለ ሌላ ሕዋስ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሊቀበለው ይችላል። ሆኖም የተቀበለው ዘገምተኛ ነርቭ ከሆነ ክሩ የአዲሱን አዛዥ ባሕርይ እየያዘ ቀስ በቀስ ወደ ዘገምተኛነት ይለወጣል። ተቀባይ ያላገኘው ክር ግን እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። የዚህ ሂደት አሻራ በናሙና ላይ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በወጣት ጡንቻ ሁለቱ ዓይነት ክሮች እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሰባጥረው ሲገኙ፣ በአረጋዊ ጡንቻ ግን አንድ ዓይነት ክሮች በአንድ ሥፍራ ተሰባስበው ይታያሉ። የሁለቱንም ዓይነት ማዮሲን ባንድ ጊዜ የያዙ ድብልቅ ክሮችም ይኖራሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ቁጥር ቆጠራ ብቻውን የፈጣን ክሮችን ጉዳት አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል ነው፤ ምክንያቱም በቆጠራ ጊዜ ዘገምተኛ ሆኖ የተገኘው ክር ቀድሞ ፈጣን የነበረ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጉዳቱ ወደ ፈጣኖቹ የሚያደላው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከአጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነው። ሄነማን የመጠን ሕግ በማለት እንደገለጸው፣ ጡንቻ ሲሠራ ትናንሾቹ ነርቭ ሕዋሳት ቀድመው ይጠራሉ፤ ፈጣን ክሮችን የሚያዙት ትልልቆቹ የሚጠሩት ከፍተኛ ወይም ፈጣን ኃይል ሲፈለግ ነው። ዕለታዊ ኑሮው በዝግታ ከመራመድ ያላለፈ አረጋዊ ፈጣን ክሮቹን የሚያሠራበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በተጨማሪም የተጎዳን ክር የሚጠግኑት ሳተላይት ሕዋሳት በአረጋውያን ፈጣን ክሮች ዙሪያ ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ አለመጠቀም ብቻውን ለማብራሪያ አይበቃም። ኅብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ በተቆረጠ ሰዎች ላይ ሽባ የሆነው ጡንቻ ከጊዜ በኋላ በተቃራኒው ወደ ፈጣን ዓይነት ያዘነብላል። ፍጹም አለመንቀሳቀስ ክሮችን ወደ ፈጣንነት የሚገፋ ከሆነ፣ እርጅና ወደ ዘገምተኛነት የሚገፋቸው በሌላ ተጨማሪ ምክንያት መሆን አለበት። ከላይ የተገለጸው የነርቭ መሞትና የክሮች በሌላ ነርቭ መታዘዝ ይህን ልዩነት ለማስረዳት የተሻለ ነው።

ይህ ልዩነት የሥልጠናን ወሰንም ያሳያል። ፊያታሮኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ 10 አቅመ ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት ክብደት በማንሣት ሠልጥነው የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ሲጨምር፣ የጭን ጡንቻ ስፋት ግን የጨመረው በ9 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ትርፉ በአብዛኛው የተገኘው የነርቭ ሥርዓቱ ያሉትን ክሮች አሟልቶ መጥራት በመቻሉ እንደሆነ መገመት ይቻላል። የቀጠነን ፈጣን ክር በሥልጠና መልሶ ማወፈር ይቻላል፤ ነርቩ ሞቶ ተቀባይ ያላገኘውንና የጠፋውን ክር ግን ሥልጠና አይመልሰውም።

ማስረጃዎቹን ስናነብ የሌክሴል ሥራ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያነጻጸረ እንጂ አንድን ሰው ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለ አለመሆኑን፣ የተመረመሩትም ወንዶች ብቻ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። አንድ የናሙና ውጤትም የቱን እንደለካ፣ ማለትም ውፍረትን፣ ቁጥርን ወይስ የስፋት ድርሻን፣ ካልገለጸ ክሩ ቀጠነ፣ ተለወጠ ወይስ ጠፋ የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።