ከሰሌዳው ፎቶ የሚወጣ የመኝታ ተረት

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ወላጅ ስልኩ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶ አይጠፋም፤ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ የጻፈቻቸው የሳምንቱ አዲስ ቃላት። ልጁ ደብተሩን ሳይዝ ቀርቶ ከሌላ ተማሪ እናት በቴሌግራም የተላከ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አባትየው ራሱ ከደብተሩ ላይ ያነሳው። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ከነፍቺው ይሸመደዳል፤ አርብ ዕለት ይጠየቃል፤ ሰኞ ላይ ግማሹ ተረስቷል። ይኸው ዝርዝር ግን ማታ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ተረት ሊሆን ይችላል። ቃላቱን ተረት ውስጥ መሰግሰግ ብቻ ግን አይበቃም። ቃሉ ቢወጣ ተረቱ የሚቆም መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ተረት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ዝርዝር ላይ እንየው።

ሥራው የሚጀምረው ፎቶውን በደንብ በማንበብ ነው፤ ብዙ ስሕተትም የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ ብርሃን አርፎ ከሆነ ወይም ፎቶው ከጎን ከተነሣ፣ መጀመሪያ የሚጠፉት በፊደሉ ጎን ያሉት ትንንሽ ቅጥሎች ናቸው። «ተረከበ» እና «ተረከቡ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ጭረቷ ከጠፋች የአንድ ሰው ድርጊት የብዙዎች ይሆናል፣ ወይም ተገላቢጦሹ። ስለዚህ ፎቶውን አጉልቶ እያንዳንዱን ቃል በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ መገልበጥ ይሻላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ማታ አልጋው ዘንድ የሚገባው ወረቀቱ ነው፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል።

ሁለተኛው ችግር ግን ፎቶው የቱንም ያህል ጥርት ቢል አይፈታም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። እንደ ምሳሌ የምንወስደው ዝርዝር ስምንት ቃላት አሉት፦ ጎተራ፣ ቅርስ፣ ጭጋግ፣ ንፉግ፣ ዋና፣ አድፍጦ፣ ገሰገሰ፣ ተረከበ። ከእነዚህ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ከሌላው የሚበልጠው ጉዳይ። መምህርቷ የቱን እንዳስተማረች ከፎቶው አይታወቅም። ልጁን «እስቲ ይህን አንብብልኝ» ማለት፣ ወይም ቃሉ የወጣበትን ምንባብ መጽሐፉ ላይ መፈለግ ነው። ይህ ሳይጣራ ስለ ዋናተኛ እንቁራሪት ተረት የሠራ ወላጅ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ስለ «ዋና ሐሳብ» ሲጠየቅ ያደናግረዋል።

ስምንቱን ሁሉ በአንድ ሌሊት ማስገባት አያስፈልግም። ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት ልጅ አምስት ስድስት ይበቃል፤ ለአራት ዓመቷ ታናሽ እህቱ ሦስት። እኔ ከዝርዝሩ «ቅርስ»ን እና «ዋና»ን ለሌላ ሌሊት አቆያለሁ። «ዋና» ገና አልተጣራም፤ «ቅርስ» ደግሞ ከሌሎቹ ጋር በግድ ካልሆነ አይገጥምም። በግድ የገባ ቃል ያለበትን ቦታ ልጅ ወዲያው ያውቀዋል። እዚያ ላይ ሲደርስ ተራኪው ድምፁን ይለውጣላ።

ተረቱን ከየት መጀመር እንደሚቻል ጣሊያናዊው የልጆች ደራሲ ጃኒ ሮዳሪ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጥሩ ዘዴ አሳይቷል። ሮዳሪ በወጣትነቱ አስተማሪ ነበር። እርስ በርስ የማይቀራረቡ ሁለት ቃላት ይወሰዱና በመካከላቸው ግንኙነት እንዲፈጠር ይደረጋል። የእሱ ምሳሌ ውሻና ቁም ሣጥን ናቸው። ውሻና ድመት ቢሆኑ መንገዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ውሻና ቁም ሣጥን ሲሆኑ ግን ጥያቄ ይነሣል። ከእኛ ዝርዝር የተራራቁት «ጎተራ» እና «ጭጋግ» ናቸው። አንዱ ከደጁ የማይነቃነቅ፣ ሌላው ሊጨበጥ የማይችል። ጭጋጉ ጎተራውን ቢሰውረውስ? ማን ይቸገራል? ጎተራው ሥር የሚኖረው አይጥ ነዋ። ከዚህ በኋላ የቀሩት ቃላት በየቦታቸው ይገባሉ።

ሌላ ትንሽ ጥንቃቄ አለ። መምህራን ግሱን የሚጽፉት «ገሰገሰ»፣ «ተረከበ» እያሉ ነው። ባለታሪኳ ሴት ከሆነች ልጁ የሚሰማው «ገሰገሰች»ን ነው። አማርኛ አፍ የፈታበት ልጅ ይህን ሳያስበው ያገናኘዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በእስራኤል አማርኛን ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚማር ልጅ ግን ሁለቱን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊይዛቸው ይችላል። በመጀመሪያው ሌሊት ግሱ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ቢሰማ ይሻላልና እንስሶቹን ወንድ አድርገናቸዋል። ተረቱ ይኸው፦

ተረት ተረት። የላም በረት። በአንድ ደጋ አገር፣ ከአንድ ጎተራ ሥር፣ አንድ አይጥ ይኖር ነበር። ጎተራው፣ በጭራሮ ታጥሮ በጭቃ የተመረገው ትልቁ የእህል ማስቀመጫ፣ እስከ አፉ ጤፍ ሞልቷል። አይጡ ግን ንፉግ ነበር። ጎረቤቱ ጉንዳን «አንዲት ፍሬ ብቻ ስጠኝ» ሲለው «የለኝም!» ይለዋል። ሞልቶት እያለ የማይሰጥ፣ ንፉግ።

አንድ ቀን አይጡ ውኃ ሊጠጣ ወደ ወንዝ ወረደ። ጠጥቶ ቀና ሲል አገሩ ሁሉ ጭጋግ ሆኗል። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ጢስ የመሰለ ጭጋግ። የገዛ ጭራውን እንኳ ማየት አቃተው። ጎተራው የት ሄደ? ወደ ቀኝ ቢሄድ ድንጋይ፣ ወደ ግራ ቢሄድ እሾህ። በዚያ ላይ ድመቱ ቁጥቋጦ ሥር አድፍጦ ነበር። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አድፍጦ ይጠብቃል።

«ጎረቤቴ፣ በዚህ በኩል ነው» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። ጉንዳኑ ነው። ጉንዳን መንገዱን በሽታ እንጂ በዓይን አይፈልግም፤ ስለዚህ ጭጋግ አያግደውም። ጉንዳኑ ከፊት፣ አይጡ ከኋላ። አይጡ ገሰገሰ። ሳያርፍ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ገሰገሰ። አቀበቱን ገሰገሰ፣ ሜዳውን ገሰገሰ። ድመቱም አድፍጦ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ጎተራው ደጅ ሲደርሱ አይጡ «ከዛሬ ጀምሮ ንፉግ አልሆንም» አለና ጤፍ ዘግኖ አወጣ። ጉንዳኑ አንድ ፍሬ ተረከበ፤ ቤቱ አደረሰ። ተመለሰ፤ አንድ ፍሬ ተረከበ፤ ቤቱ አደረሰ። ተመለሰ፤ አንድ ፍሬ ተረከበ። እንዲህ ሲመላለስ መሸ። ሁሉም ተኛ።

አነጋገሩ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ፍቺው በተረቱ ውስጥ ተጥሏል እንጂ ተረቱ ቆሞ አልተተነተነም። ንፉግነቱን የሚያስረዳው «ሞልቶት እያለ የማይሰጥ» የሚለው ነው፤ ማድፈጥን የሚያሳየው ሆዱን መለጠፉና ትንፋሹን መዋጡ ነው። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተሰምቷል። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ዋርዊክ ኤሊ በ1989 ባሳተመው ጥናት ለሰባትና ለስምንት ዓመት ተማሪዎች ተረት ተነበበ፤ አንዱ ተረት በሳምንት ሦስት ጊዜ። ዝም ተብሎ ሲነበብ ልጆቹ ከማያውቋቸው ቃላት ወደ 15 ከመቶ ያህሉን ያዙ። አንባቢው በየመሐሉ ፍቺውን በአጭሩ ሲያክልበት ግን ቁጥሩ እስከ 40 ከመቶ ደረሰ። ቃሉ በተረቱ ውስጥ በተደጋገመና በሥዕል በታገዘ ቁጥርም የመያዝ ዕድሉ ጨምሯል። ጎተራ በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ፣ ውጭ አገር ለተወለደውም ይበልጥ፣ ከተረቱ በፊት አንድ ሥዕል ማሳየት ያስፈልጋል። ቃሉን ብቻ ቢሰማ የሚያስበው ነገር የለውም።

በሁለተኛው ሌሊት ብዙ ወላጅ አዲስ ተረት ለመፍጠር ይጨነቃል። አያስፈልግም። እንግሊዝ አገር፣ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት የሦስት ዓመት ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን አዲሶቹ ቃላት ያሉባቸው የተለያዩ ተረቶች ተነበቡለት፤ ለሌላው ያው ተረት ተደገመለት። ቃላቱን ሁለቱም እኩል ጊዜ ሰምተዋል፤ የተሻለ የያዙት ግን ያው ተረት የተደገመላቸው ናቸው። ተረቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በማሰብ አይጠመድም፤ ጆሮው ለቃሉ ይተርፋል። ሆርስት ከሌላ ባልደረባዋ ጋር በ2014 ባወጣችው ጥናትም፣ ተረቱን ሰምተው ወዲያው ያሸለቡ የሦስት ዓመት ሕፃናት ቃላቱን ካላሸለቡት የተሻለ አስታውሰዋል። ስለዚህ የአይጡ ተረት ሦስት ሌሊት ይደገም። በሁለተኛው ላይ «ጉንዳኑ አንድ ፍሬ…» ብሎ ማቆም ነው፤ ልጁ «ተረከበ!» ይላል። ካላለም ተራኪው ራሱ ብሎት ይቀጥላል። አልጋ ላይ ፈተና አይጀመርም፤ ተጠያቂ የሆነ ልጅ ይነቃል።

ቃሉ መያዙ የሚታወቀው ቀን ላይ ነው። «ንፉግ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይረዳም፤ ልጁ የተረቱን ሐረግ መልሶ ሊያነበንብ ይችላል። ከተረቱ ውጭ የሆነ ነገር ማቅረብ ይሻላል፦ «ሁለት ብርቱካን ይዛ ለወንድሟ አልሰጥም ያለች ልጅ ምን ትባላለች?» ወይም «አንድ ብርቱካን ብቻ የነበራት ልጅ ለወንድሟ ብትከለክለው ንፉግ ናት?» በሁለተኛው ላይ የሚከራከር ልጅ ቃሉን ጨብጦታል። «አይጥ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ግን ቃሉን ከባለታሪኩ ጋር አጣብቆታል። ንፉግ የአይጥ ስም መስሎታል ማለት ነው። ይህ ሲሆን ያንኑ ቃል ሌላ ባለታሪክ ላይ አድርጎ አጭር ተረት መጨመር ይበቃል፤ አንድ ንፉግ ጅብ፣ ለምሳሌ።

ተረቱ የማይሠራውም ሥራ አለ። «ነገር ግን»፣ «ስለሆነም» የመሳሰሉ አያያዦች ዝርዝሩ ውስጥ ከመጡ፣ በተረት ውስጥ ሲያልፉ ልጁ አያስተውላቸውም፤ እነሱን ዓረፍተ ነገር እየሠሩ መለማመድ ይሻላል። ፊደሉንም ጆሮ አያስተምርም። «ጭጋግ»ን ሦስት ሌሊት የሰማ ልጅ አርብ የቃል ጽሕፈት ላይ «ጨጋግ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለዚህ ፎቶው ጠዋት ላይ ይመለሳል። ወላጁ ቃሉን ሲጠራ ልጁ ከሰሌዳው ፎቶ ላይ በጣቱ ያሳየዋል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋና ሳያይ ይጽፈዋል፤ መልሶም ከፎቶው ጋር ያስተያየዋል።