ሁለት ጣውላ መቼ አንድ ቢም ይሆናል? ስለ ኢነርሺያ ተረቱና እውነታው

ወርዳቸው 200፣ ውፍረታቸው 50 ሚ.ሜ የሆኑ ሁለት ጣውላዎችን እንውሰድ። አንዱን በጠርዙ አቁመን ሌላውን አናቱ ላይ ብናጋድምና በምስማር ብንመታቸው የ«ቲ» ቅርጽ ያለው ቢም እናገኛለን። የቆመው ዌብ፣ የተጋደመው ፍላንጅ ነው። ጠቅላላ ቁመቱ 250 ሚ.ሜ ይሆናል።

ተረት፦ የሁለቱን ጣውላዎች ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ መደመር ይበቃል።

እውነታ፦ በ bh³/12 ሲሰላ ዌቡ 33.3 ሚሊዮን፣ ፍላንጁ 2.1 ሚሊዮን፣ ድምሩ 35.4 ሚሊዮን ሚ.ሜ⁴ ይመጣል። ይህ ግን እያንዳንዱ ጣውላ በራሱ ሴንትሮይድ ዙሪያ ያለው ኢነርሺያ ነው። አንድ ሆነው ሲጎብጡ የሚጎብጡት በጋራ ሴንትሮይዳቸው ዙሪያ ስለሆነ፣ ፓራለል አክሲስ ቲዎረም ለእያንዳንዱ Ad² ጨምሩ ይላል። A የጣውላው ስፋት፣ d ደግሞ ከራሱ ሴንትሮይድ እስከ ጋራው ያለው ርቀት ነው።

ተረት፦ የጋራ ሴንትሮይዱ የቁመቱ እኩሌታ ላይ ነው።

እውነታ፦ እኔ ከሁሉ አደገኛ የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ቢሙን ከእውነተኛው የጠነከረ ያስመስለዋል። ከታች ጠርዝ ሲለካ የዌቡ ሴንትሮይድ 100፣ የፍላንጁ 225 ሚ.ሜ ላይ ነው። የሁለቱም ስፋት እኩል 10,000 ሚ.ሜ² በመሆኑ የጋራው መሃላቸው ላይ፣ ማለትም 162.5 ሚ.ሜ ላይ ይውላል። d ለሁለቱም 62.5 ነው፤ Ad² ለእያንዳንዱ 39.06 ሚሊዮን ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 113.5 ሚሊዮን ሚ.ሜ⁴ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ድምር ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ሴንትሮይዱን 125 ላይ ያደረገ ሰው ግን 141.7 ሚሊዮን ያገኛል፤ 25 በመቶ ያህል ትርፍ። ስህተቱን ለመያዝ የእያንዳንዱን ስፋት በ d አባዝቶ ከአክሲሱ በላይና በታች ማነጻጸር ነው። በ162.5 ላይ ሁለቱም 625,000 ሚ.ሜ³ ይሆናሉ። በ125 ላይ ግን አንዱ 1,000,000፣ ሌላው 250,000 ይወጣል፤ ካልተመጣጠኑ አክሲሱ ቦታውን ስቷል።

ተረት፦ ስሌቱ ትክክል ከሆነ ቢሙም ያንኑ ያህል ጠንካራ ነው።

እውነታ፦ Ad² የሚገኘው ጣውላዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ካልተንሸራተቱ ብቻ ነው። ምስማር ከሌለና ሰበቃው ከተናቀ እያንዳንዱ ለብቻው ይጎብጣል፤ ኢነርሺያውም ወደ 35.4 ሚሊዮን ይወርዳል። ምልክቱ ጫፍ ላይ ይታያል፤ ጭነት ሲያርፍበት የሁለቱ ጣውላዎች ጫፍ እኩል መሆኑ ይቀራል። መገጣጠሚያው የሚሸከመው VQ/I ነው። Q ያው 625,000 ነው። የሺር ኃይሉ V 3,000 ኒውተን ቢሆን በየሚሊ ሜትሩ 16.5 ኒውተን ይመጣል። አንድ ምስማር 800 ኒውተን የሚችል ከሆነ ርቀቱ ከ48 ሚ.ሜ መብለጥ የለበትም። ጫፍና ጫፉን ተደግፎ እኩል የተሰራጨ ጭነት በተሸከመ ቢም ሺሩ ድጋፎቹ አጠገብ ስለሚበረታ፣ ምስማሩ እዚያ ጠበቅ፣ ወደ መሃል ሲሄድ ሳሳ ይላል።